ሳጥኑን በየካቲት ዝጉት፦ ሲዲ፣ ዲቪዲና የጌም ካሴት ጎንደር ላይ እንዴት ይቆያሉ?

ባለፈው ዓመት ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ጎረቤታችን እትዬ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘው ገቡ። የልጃቸው የሠርግ ዲቪዲ ነው። በ2001 ዓ.ም. የተቀረጸ፣ ላዩ ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ በልብ ቅርጽ ታትሞ የተለጠፈበት።

«ልጄ፣ ይቺ ነገር መልሱ ላይ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። እኔ እኮ ምንም አልነካኋትም። ከነማሸጊያዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የኖረችው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዲስኩን ገልብጬ ሳየው ከታች በኩል እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ አንድ ጭረት የለበትም። ግን ወደ መስኮቱ አዘንበል ሳደርገው ዳሩ ላይ አንድ ነገር ታየኝ። ቡና የፈሰሰበት የሚመስል፣ የጣት ስፋት ያለው ቡናማ ጨረቃ። ከዳር ተነስቶ ወደ ውስጥ ገብቷል።

መልሱ ላይ የቆመበት ምክንያትም ይኸው ነው። ዲስክ እንደ ሸክላ ከዳር አይጀምርም። የሚጻፈውም የሚነበበውም ከመሃል ወደ ዳር ነው። ሙሽራው ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ፋሲል ግቢ ላይ የተነሱት ፎቶ፣ ኬክ ቆረሳው ሁሉ ከመሃል በኩል ነው የተቀመጠው። መልሱ መጨረሻ ስለሆነ ዳር ላይ ነው። እርጥበት ደግሞ የሚገባው ከዳር ነው። ስለዚህ አንድ ፊልም መጨረሻው አካባቢ ብቻ መንተባተብ ሲጀምር፣ ዴኩን ከመጠርጠራችሁ በፊት የዲስኩን ዳር እዩት።

ነገሩ እንዲገባን መጀመሪያ ዲስኩን እንደ ሽንኩርት እንላጠው። ሲዲ ከታች ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ አለው፤ ስሙ ፖሊካርቦኔት ነው። ከ1.2 ሚሊሜትሩ ውፍረት ከሞላ ጎደል ሁሉም እሱ ነው። መረጃው ያለው በዚህ ፕላስቲክ ላይኛው ገጽ ነው። እዚያ ላይ ብርሃን የሚመልስ እጅግ ስስ ብረት ተቀብቷል። ፋብሪካ የታተመው ሲዲ ላይ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ ቤት ውስጥ በርን በሚደረገው ላይ ብዙውን ጊዜ ብር። ከብረቱ በላይ ስስ ቫርኒሽ አለ። ከቫርኒሹ በላይ ጽሑፉና ሥዕሉ። በቃ።

እንግዲህ አስቡት። ሁላችንም የምንጠነቀቀው ለታችኛው፣ ለሚያብለጨልጨው ፊት ነው። እዚያ ግን መረጃው ከአንድ ሚሊሜትር በላይ በሆነ ፕላስቲክ ተሸፍኗል። ከላይ በኩል የሚጠብቀው ከፀጉር የቀጠነ ቫርኒሽ ብቻ ነው። ሲዲ የሚሞተው በአብዛኛው ከጀርባው ነው።

ዲቪዲ ትንሽ ይለያል። እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ስስ ፕላስቲኮች ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ ብረቱ መሃላቸው ተቀብሯል። እንደ ሳንድዊች ማለት ነው። ከላይ ብትጭሩት ከሲዲ ይሻላል። ድክመቱ ማጣበቂያው ነው። ዳሩ ላይ ማጣበቂያው ትንሽ ከላላ አየርና እርጥበት በመሃል ሾልከው ይገባሉ። የእትዬ ቡናማ ጨረቃ ይሄ ነው። ዲቪዲን ከማቀፊያው ስታወጡ መሃል ያለውን ቁልፍ ሳትጫኑ ዳሩን ይዛችሁ የምታጎብጡት ከሆነ፣ ያንን ማጣበቂያ በገዛ እጃችሁ እየለያያችሁት ነው።

በብዙ አገር ሰዎች ይህን በሽታ «የዲስክ መበስበስ» ይሉታል። ስሙ ሥጋ ያስመስለዋል እንጂ ብዙውን ጊዜ የብረት ዝገት ነው። አሉሚኒየሙ ከእርጥበትና ከኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ ግልጽ ወደሆነ ኦክሳይድ ይለወጣል። ያኔ ዲስኩን የሚያነበው የሌዘር ጨረር የሚመለስበት ነገር ያጣል፤ ያልፋል። ብሩ ደግሞ ድኝ ሲያገኘው ይጠቁራል፤ እናቶቻችን የብር መስቀላቸውን በየጊዜው የሚወለውሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚህ ነገር በሰፊው የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። እንግሊዝ አገር ብላክበርን የነበረ የፊሊፕስና የዱፖንት የጋራ ፋብሪካ ከ1988 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ያተማቸው ብዙ ሲዲዎች ከዓመታት በኋላ ከዳር ጀምረው የነሐስ መልክ ያዙ። ቫርኒሹ ከሽፋን ወረቀቱ የሚወጣውን ድኝ መቋቋም አልቻለም ነበር። ገዳዩ አብሮት ከቨሩ ውስጥ የተኛው ወረቀት ነው ማለት ነው። ይህን ያነሳሁት ለወሬ አይደለም። ወረቀት ወደ ኋላ ትልቅ ቦታ ይዞ ይመለሳል።

ሻጋታስ? እሱም አለ። በ2001 እ.ኤ.አ. የስፔን ተመራማሪዎች ሞቃትና እርጥብ ከሆነችው ቤሊዝ የመጣ ሲዲ ላይ ከዳር ገብቶ ፕላስቲኩንና አሉሚኒየሙን የሚበላ ሻጋታ አግኝተዋል። ጎንደር እንደ ቤሊዝ አይሞቅም፤ እኔም እስከ ዛሬ ብረቱን የበላ ሻጋታ አላየሁም። ሽፋን ወረቀቱን የበላ ግን ስንቱን!

አሁን ወደ ጎንደር እንምጣ። ዲስክን ለረጅም ጊዜ ለማስቀመጥ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ4 እስከ 20 ዲግሪ ሙቀት፣ ከ20 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ይላል። ከሙቀት አንጻር ጎንደር ዕድለኛ ናት። ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው ያለነው። የሚሞቀው መጋቢትና ሚያዝያ እንኳ ቀን ላይ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። የኛ ጣጣ ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ቤት ውስጥ የተሰቀለ ካልሲ ሦስት ቀን አይደርቅም። ጨው በጨው ዕቃው ውስጥ ይረጥባል። ጨው የሚረጥብበት ቤት ውስጥ ዲስክም እየጠጣ ነው።

የእርጥበት መለኪያው ላይ የሚታየው «በመቶ» ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። አየሩ ውስጥ ስንት ውሃ አለ ማለት አይደለም። አየሩ በዚያ ሙቀት መያዝ ከሚችለው ውስጥ ምን ያህሉን ይዟል ማለት ነው። ሞቃት አየር ብዙ ይይዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ጥቂት። ስለዚህ ቀን 25 ዲግሪ ላይ 50 በመቶ የነበረ አየር፣ ምንም ውሃ ሳይጨመርበት፣ ሌሊት 15 ዲግሪ ሲወርድ 93 በመቶ ገደማ ይሆናል። ትንሽ ቢቀዘቅዝ ጤዛ ሆኖ ይለጠፋል። ቀን አይታችሁ «ደህና ነው» ያላችሁት ክፍል ሌሊት ሌላ ክፍል ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ደግሞ ይህን ያባብሰዋል፤ ቀን ከላይ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት ከሁሉ ቀድሞ ይበርዳል። ቁም ሳጥን ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር የተቀመጠ የዲስክ ካርቶን በየቀኑ ይህን ውጣ ውረድ ይጠጣል።

«እሺ፣ በሳጥን እንዝጋዋ!» ትሉኛላችሁ። ትክክል ነው። ግን እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው፤ እኔም ተሳስቻለሁ።

ከዓመታት በፊት ክረምቱ ሲያስፈራኝ ዲስኮቼን በሐምሌ ሰብስቤ ጥሩ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሳጥን አሸግኳቸው። ከጫማ ካርቶን ያገኘኋቸውን ትንንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢቶችም ጨመርኩ። ኅዳር ላይ ስከፍተው የወጣው ሽታ የድሮ ጎተራ ነው። የሽፋን ወረቀቶቹ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ። ሁለት ከቨር ውስጥ ወረቀቱ ዲስኩ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሳጥኑ ሥራውን ሠርቷል፤ እርጥበቱን አላስወጣም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሃያ ሊትር በሚይዝ ሳጥን ውስጥ ያለው አየር፣ በጣም ቢረጥብ እንኳ፣ የያዘው ውሃ ከግማሽ ግራም በታች ነው። ምንም ማለት አይደለም። ውሃው ያለው ወረቀቱ ውስጥ ነው። ሰማንያ ዲስክ ከነሽፋኑና ከነወረቀት ፖስታው ብታስቡ አንድ ኪሎ ያህል ወረቀት ይወጣዋል። ያ ወረቀት በክረምት አየር ከቆየና በደረቅ አየር ከቆየ መካከል ያለው የክብደት ልዩነት 40 ግራም ገደማ ውሃ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ማለት ነው። በሐምሌ ስታሽጉት ያንን ውሃ አብራችሁ አሸጋችሁት።

የጫማ ካርቶኗ ከረጢት አንድ ወይም ሁለት ግራም ሲሊካ ጄል ናት። ሲሊካ ጄል የክብደቱን አንድ አምስተኛ ያህል ውሃ ይዞ ይጠግባል ብላችሁ አስቡ። 40 ግራም ለመጠጣት 200 ግራም ያስፈልጋል። ከዚያ ላይ ከጫማ ጋር ከቻይና እስከ ቅዳሜ ገበያ የመጣች ከረጢት እዚህ ስትደርስ ጠግባ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ሲሊካ ጄል ማብዛት ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ራሱ እስኪደርቅ ጠብቆ መዝጋት ነው። ጎንደር ላይ ያ ጊዜ በጋው ነው፤ ለእኔ ከጥምቀት በኋላ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ነው። ከቨሮቹን ከፍታችሁ፣ ወረቀቶቹን አውጥታችሁ፣ ፀሐይ በማይነካው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘርጓቸው። ቀን መስኮት ክፈቱ፤ ማታ ዝጉ። ሦስት አራት ቀን ይበቃል። ከዚያ በአራተኛው ቀን ከሰዓት፣ መለኪያው ከ40 በመቶ በታች ሲያሳይ፣ መልሳችሁ አስገቡና ዝጉ። እኔ ባለፈው የካቲት ስዘጋ 36 ይል ነበር።

እዚህ ላይ ያ ጠላት የነበረው ወረቀት ወዳጅ ይሆናል። ደርቆ የገባ አንድ ኪሎ ወረቀት የሳጥኑን አየር ይገዛዋል። ሌሊት ሲበርድ አየሩ የሚበዛበትን እርጥበት ትንሽ ይጠጣል፤ ቀን ሲሞቅ ይመልሳል። መለኪያው እንደ ክፍሉ አይዘልም። ሳጥኑ ሲከፈት ግን ሥራው ይበላሻል፤ ነሐሴ ላይ ለአንድ ፊልም ብላችሁ ደጋግማችሁ ከከፈታችሁት ወረቀቱ ቀስ በቀስ መልሶ ይጠጣል።

መለኪያው ራሱ ርካሽ ስለሆነ አትመኑት፤ ፈትኑት። የጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርጉ፤ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምራችሁ እንደ ጭቃ አርጥቡት፤ እንዳይሟሟ። ከመለኪያው ጋር ጥሩ በሚዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ከሌሊት እስከ ጠዋት ተዉት። ጠዋት 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 81 ካሳየ፣ መለኪያችሁ 6 ይጨምራል ማለት ነው፤ ሁልጊዜ 6 እየቀነሳችሁ አንብቡ። ጨው ርካሽና ሐቀኛ ነው።

ሲሊካ ጄሉን በተመለከተ፣ ቀለም የሚቀይረውን ብታገኙ ጥሩ ነው። አንዱ ዓይነት ሲደርቅ ሰማያዊ፣ ሲጠግብ ሮዝ ይሆናል። ፍሬውን ከከረጢቱ አውጥታችሁ በ120 ዲግሪ አካባቢ ምድጃ ውስጥ ሁለት ሰዓት ብታደርጉት ቀለሙ ይመለሳል። ሰማያዊው ኮባልት ስላለበት የእንጀራ ምጣድ ላይ እንዳታፈሱት። ከልክ በላይ ማድረቅም አይመከርም፤ ሳጥኑ ከ25 በመቶ በታች ከወረደ ግማሹን አውጡ። በሲሊካ ጄል ፈንታ ሩዝ የሚያስገቡ አይቻለሁ። ሩዝ የሚጠጣው ጥቂት ነው፤ ነቀዝ ግን ያመጣል።

ሳጥኑ ምን ዓይነት ይሁን? ገልብጡትና ሥሩ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር እዩ። 5 ወይም 2 ከሆነ ደህና ነው። 3 ከሆነ ፒቪሲ ነው፤ ተዉት። ፒቪሲን የሚያለሰልሰው ቅባት እየወጣ ሌላ ፕላስቲክ ላይ ይለጠፋል። ርካሹ የሲዲ ቦርሳ ውስጥ ያሉት ለስላሳ ግልጽ ኪሶች ብዙዎቹ ከዚሁ የተሠሩ ናቸው። ዓመታት የቆየ ዲስክ ከእንደዚህ ዓይነት ኪስ ስታወጡት «ችር» ብሎ ሲላቀቅ ሰምታችሁ ይሆናል። ላዩ ላይ የሚቀረው ደመና የሚመስል ነገር ያ ቅባት ነው።

የእትዬን ዲቪዲ የጎዳው ምንድን ነው ብዬ ቁም ሳጥናቸውን ለማየት ሄጄ ነበር። ቁም ሳጥኑ የቆመው ክረምት ላይ ዝናብ የሚመታውን የውጭ ግድግዳ ተደግፎ ነው። ጀርባው ላይ እጄን ሳደርግ ይቀዘቅዛል። በመሳቢያው ውስጥ አራት ዲስክ በላስቲክ ታስሮ ተኝቷል፤ ከጎኑ ነጭ ናፍታሊን። ሦስት ጥፋት በአንድ መሳቢያ።

ቀዝቃዛ ግድግዳ አጠገብ ያለው አየር ከክፍሉ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ይበልጥ ይረጥባል። ሳጥኑን ወደ ውስጠኛው፣ ሁለት ክፍል ወደሚለየው ግድግዳ አዙሩት፤ ከወለሉም ከፍ ይበል። የማሰሪያ ላስቲክ ድኝ አለበት፤ ድኝ ደግሞ ብር እንደሚያጠቁር ተናግሬያለሁ። ናፍታሊን ደግሞ ተን ሆኖ ፕላስቲክ ውስጥ ይገባል፤ ጠንካራው ግልጽ የሲዲ ከቨር የተሠራበትን ፕላስቲክ ያለሰልሰዋል፣ ያደበዝዘዋል። ጋቢያችሁን ጠብቁበት፤ ዲስክ ግን አብሮት አይደር።

አራተኛው ጥፋት የልብ ቅርጹ ነው። የተለጠፈ ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ዲስኩንም እየጎተተ ያጎብጠዋል። ዲቪዲ ላይ ያንን የዳር ማጣበቂያ ያስጨንቀዋል። ሲዲ ላይ ሙጫው በቀጥታ ቫርኒሹ ላይ ነው ያለው። እንልጠው ካላችሁ ግን ቫርኒሹና ብረቱ አብሮ ይነሳል። የተለጠፈ ተለጥፏል፤ ተዉት። ወደፊት ለመጻፍ ግን ውሃ ቀለም ያለው ለስላሳ ጫፍ ማርከር ተጠቀሙ፤ መሃል ባለው ግልጽ ቀለበት ላይ ብቻ ብትጽፉ ደግሞ ጭራሽ አትሳሳቱም። በእስክሪብቶ አይሆንም።

ሙቀትስ? ሙቀት ብቻውን እዚህ አገር ፋብሪካ የታተመ ዲስክ ቶሎ አይገድልም። ፖሊካርቦኔት የሚለሰልሰው ከ140 ዲግሪ በላይ ነው። ሙቀት የሚያደርገው ሌላውን ኬሚካላዊ ሥራ ሁሉ ማፋጠን ነው፤ በጥቅሉ አሥር ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይበልጥ የሚጎዳው በርን የተደረገው ዲስክ ነው። እሱ ላይ መረጃው በፕላስቲክ አልታተመም፤ በቀለም ላይ በጨረር የተቃጠለ ምልክት ነው። ቀለሙ ሙቀትና ፀሐይ አይወድም። የቴሌቪዥን ጀርባ፣ የፍሪጅ ራስ፣ የመኪና ዳሽቦርድ፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሁሉ ለእሱ ቅጣት ነው። ዲስኮቹን ደግሞ እንደ መጽሐፍ አቁሟቸው። ለዓመታት እንደ እንጀራ የተደረደሩ ከሆነ ታችኞቹ ይጎብጣሉ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ጥሩ ሳጥን ጊዜ ይገዛል እንጂ የታመመ አያድንም። መጥፎ ቀለም ይዞ የተወለደ ርካሽ ዲስክ በምርጥ ሳጥን ውስጥም ይሞታል። ስለዚህ በዓመት አንዴ፣ የካቲት ላይ ስትከፍቱ፣ አብራችሁ መርምሩ። የታተመ ሲዲን ወደ አምፖል አንሱትና ከብረቱ ጀርባ ብርሃን እዩ። እንደ መርፌ ቀዳዳ የሚያበሩ ነጥቦች ካሉ ወዲያው አትደንግጡ፤ ሲታተም ጀምሮ የነበሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዳንዱ ዲስክም በተፈጥሮው ብርሃን ያሳልፋል። በስልክ ፎቶ አንሱትና በዓመቱ አወዳድሩ። ነጥቦቹ ከጨመሩ መበስበስ ነው። ዳሩ ነሐስ ወይም ቡናማ ከመሰለ፣ ዲቪዲው ላይ ደመና ከገባ፣ ሌላ ማስረጃ አትጠብቁ።

«ይሠራል እኮ» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ዲስክ ላይ መረጃው ስህተት ማረሚያ ታክሎበት ስለሚጻፍ፣ ሲዲ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ያለው ጉዳት እንኳ አርሞ ያነባል። ስለዚህ እየሞተ ሳለ ደህና ይመስላል። አንድ ቀን ማረሚያው የማይችለው ደረጃ ይደርሳል፤ ያኔ ቀጥ ይላል። የአማርኛ ፊልሞች የተሸጡበት ቪሲዲ ደግሞ ብዙ ምስል ለማስገባት ሲባል አንዱን የማረሚያ ንብርብር ትቷል፤ ስለዚህ እሱ ከመቆሙ በፊት ምስሉ ካሬ ካሬ ይሆናል። ካሬዎቹን እንደ ማስጠንቀቂያ ውሰዷቸው።

ለእትዬ ዲቪዲ የተጠቀምኩት ሊነክስ ላይ የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ ደህናውን ክፍል ቶሎ ይቀዳል፤ ከዚያ የታመመውን ይመላለስበታል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የታመመው ላይ ብዙ ከቆያችሁ ዲስኩም አንባቢውም ሊሰንፉ ይችላሉ፤ ደህናው ግን ቀድሞ ተርፏል።

```
ddrescue -n -b 2048 /dev/sr0 serg.iso serg.map
ddrescue -d -r 3 -b 2048 /dev/sr0 serg.iso serg.map
```

የመጀመሪያው መስመር ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ሁለተኛው ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አደረ። ጠዋት ዲስኩን አውጥቼ በሌላ አሮጌ አንባቢ ያንኑ ሁለተኛ መስመር ደገምኩት፤ የ`map` ፋይሉ የቀረውን ስለሚያስታውስ ከቆመበት ይቀጥላል። አንዱ ያላነበበውን ሌላው ያነባል፤ አንባቢዎች እንደ ሰው ዓይን ይለያያሉ። ይህ መንገድ ለዳታ ሲዲና ለዲቪዲ ነው። ቪሲዲ አጻጻፉ ስለሚለይ `cdrdao` የሚባለውን መጠቀም ይሻላል።

ስለ ጌም ካሴት ባጭሩ። ብዙዎቻችን ልጅ ሆነን «ካሴት» የምንለው፣ ዴኩ ላይ ከላይ የሚሰካው፣ ውስጡ ቺፕ ያለበት ሰሌዳ ነው። የድሮዎቹ ቺፖች ጌሙ ሲሠራ ጀምሮ የታተመባቸው ስለሆኑ መብራት ሳያስፈልጋቸው አሥርት ዓመታት ይቆያሉ። እዚህ የሚበሰብስ ዲስክ የለም። የሚበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጥርሱና ባትሪው።

ጥርሱ ማለት ዴኩ ውስጥ የሚገባው የመዳብ ረድፍ ነው። ሲበላሽ መጀመሪያ ይደበዝዛል፤ ቀጥሎ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። እኛ ያኔ የምናደርገው ምን ነበር? አውጥተን «እፍ» ማለት። ይሠራ ነበርም። የሠራው ግን ከትንፋሹ ይልቅ አውጥቶ መልሶ መሰካቱ ነው። ትንፋሹ ምራቅና እርጥበት አስገብቶ ዝገቱን አፋጥኖታል። ጥርሱን ሞባይል ጥገና ቤት የሚጠቀሙበትን ጠንካራ አልኮል በጆሮ ጥጥ ነክራችሁ ጥጡ መጥቆሩን እስኪያቆም ጥረጉት። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮልም ይሆናል፤ ሲሶው ግን ውሃ ስለሆነ ሙሉ ቀን አድርቁት። አረቄ የሞከረ ጓደኛ አለኝ፤ ካሴቱም ቤቱም ለሳምንት ሸተተ። በላጲስ መፈተግ ወርቅ ቅቡን ስለሚልጥ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

ባትሪው ያለው የደረሳችሁበትን የሚያስቀምጡ አንዳንድ ካሴቶች ውስጥ ነው። እንደ ሰዓት ባትሪ ያለ ክብ፣ ሦስት ቮልት ነው። አሥር፣ ሃያ ዓመት ይሠራና ያልቃል። ሲያልቅ ጌሙ ይሠራል፤ የተቀመጠው ግን ይጠፋል። ሰሌዳው ላይ በብየዳ ስለተያያዘ መቀየሩ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ባትሪው ሲነሳም ተጨማሪ መብራት ካልተሰጠው የተቀመጠው ይሰረዛል። ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡትን ካሴት ግን ቢያንስ ከፍታችሁ እዩት። ባትሪው አብጦ ወይም ነጭ ነገር አውጥቶ ከሆነ ሰሌዳውን ሳይበላ ይውጣ። ከዚያ ካሴቶቹን ያው በየካቲት በሚዘጋው ሳጥን ውስጥ አስገቧቸው፤ አንድ ዓይነት አየር ነው የሚወዱት።

የእትዬ ዲቪዲ ምን ሆነ? ከአጠቃላዩ የጠፋው ጥቂት ሜጋባይት ነው። ችግሩ የጠፋው ሁሉ አንድ ቦታ መሆኑ ነው። መልሱ ላይ አማቾቹ ሲገቡ ምስሉ ካሬ ካሬ ይሆናል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ያህል። ከዚያ ጭፈራው ላይ ይመለሳል። ፋይሉን ሁለት ፍላሽና አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጥኩት። ዲስኩንም አልጣልኩትም፤ ነገ የተሻለ አንባቢ ሊገኝ ይችላል። የካቲት ሲደርስ ልጣፉ ደርቆ የእኔ ሳጥን ውስጥ ቆሞ ገባ።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ የልጅ ልጃቸውን ላኩብኝ። «እንግዳ መጥቷል፣ ሲዲውን አምጣ ተብያለሁ» አለኝ። ውጭ ዶፍ ነው። ሳጥኑን አየሁት፤ መለኪያው 39 ይላል። ፍላሹን ሰጥቼ ሸኘሁት።